ደብዳቤያችንን ያነበበው ወንድማችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ይህን ጽሑፍ የምንጽፍላችሁ የጀመዓው የሰደቃ ኮሚቴ አባላት ነን። ዘንድሮ በረመዳን የበተንነውን የእርዳታ ማሰባሰቢያ ደብዳቤ ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል። ደብዳቤው ሦስት ጊዜ ተጽፎ እንደነበር የምታውቁት ግን ጥቂቶች ናችሁ። የመጀመሪያው ሰው አስከፋ፣ ሁለተኛው ማንንም ሳያስከፋ ለማንም ሳይገባ ቀረ፣ እናንተ ያያችሁት ሦስተኛውን ነው። የተሳሳትነውን የምንጽፈው ከእኛ በኋላ ኮሚቴውን የሚረከቡ ልጆች ያንኑ ስህተት እንዳይደግሙት ብለን ነው።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍነው በሻዕባን መጀመሪያ ላይ ነበር። የሴሚስተሩ እረፍት ከዒድ ጋር ስለተገጣጠመ፣ ወደ ቤተሰቦቻቸው መሄድ እየፈለጉ የመሣፈሪያ ያጡ 17 ተማሪዎች ስማቸውን በምስጢር አስመዝግበውልን ነበር። እኛም ከመግሪብ በኋላ ተሰብስበን በአንድ ቁጭታ ጽፈን ጨረስን። የደብዳቤው ዋና አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፦

«በግቢያችን ውስጥ በርካታ ምስኪንና ችግረኛ ተማሪዎች ይገኛሉ። ወላጆቻቸው ድሆችና ሥራ ፈቶች በመሆናቸው ለመሣፈሪያና ለፎቶ ኮፒ እንኳ የሚሆን ገንዘብ የላቸውም። እነዚህ ጎስቋሎች የእናንተን እጅ ይጠባበቃሉ።»

ስንጽፈው ክፋት አልነበረብንም። ቃሉ በበረታ ቁጥር የሰጪው ልብ ይበልጥ ይራራል ብለን አስበን ነው። አንዱን ቅጂ ከግቢው አጠገብ ባለው መስጂድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍን። የቀሩትን ደግሞ ከጁሙዓ በኋላ ለነጋዴዎችና ለቀድሞ ተመራቂዎች እንዲያድሉ ለወንድሞች አከፋፈልን።

ከእነዚያ ወንድሞች አንዱ 40 ቅጂ ወስዶ ነበር። በእንዲህ ያለው ሥራ ከእርሱ የሚቀድም የለም፤ ሰው ሳያፍር ያናግራል፣ ነጋዴዎቹም ይወዱታል። የዚያን ዕለት ግን ዐስር ከተሰገደ በኋላ 40ውንም ቅጂ እንዳለ ይዞ ተመለሰ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ይህን ለሰው መስጠት አልቻልኩም» አለን። ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለ፦ «ደብዳቤው የሚያወራው ስለ እኔ ነው። አባቴ ግንበኛ ነው። የሚሠራበት ሕንፃ ከቆመ ስምንት ወሩ ነው። ሱብሒ ሰግዶ በየቀኑ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ሥራ ጠፋበት እንጂ ሥራ ፈት አይደለም።» ሊወጣ ሲል ደግሞ ዞር ብሎ «ስሜንም ከዝርዝሩ አውጡልኝ» አለ።

ዝርዝሩን የሚይዘው አንዱ አባላችን ብቻ ስለነበር፣ የቀረነው ያ ወንድማችን ከ17ቱ አንዱ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። በዚያው ሳምንት ሌሎች አራት ተማሪዎች ስማቸውን አስፋቁ። ሁለቱ እህቶች ነበሩ። ምክንያቱን አልነገሩንም፤ መጠየቅም አላስፈለገንም። ደብዳቤው የተለጠፈበት ሰሌዳ ውዱእ ከሚደረግበት ቦታ መግቢያ ላይ ነው፤ ማንም ሳያነበው አያልፍም።

ስህተታችን እዚህ ላይ ነበር። የደብዳቤው አንባቢ ሰጪው ብቻ መስሎን ነበር። ትንሽ ጀመዓ ውስጥ ግን ሰጪውና ተቀባዩ አንድ ሰፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሰግዳሉ። ስለ ሰውየው የተጻፈውን ከማንም በፊት የሚያነበው ራሱ ሰውየው ነው። ከጎኑ የቆመ ጓደኛው ሲያነበው ደግሞ እርሱ የጓደኛውን ፊት ያያል።

ደብዳቤውን ከሰሌዳው አንስተን እንደገና ለመጻፍ ተቀመጥን። በአማርኛ ቋንቋ ትምህርት ክፍል የምትማር አንዲት እህታችንን እንድታግዘን ጠየቅናት። እርሷ በመጀመሪያ ሌላ ቃል አልፈለገችልንም፤ የጻፍናቸውን ቃላት አንድ በአንድ «እኔ» እያልን ጮክ ብለን እንድናነብ አደረገችን። «እኔ ተቸግሬያለሁ» ብሎ ለጓደኛው የሚናገር ሰው አለ። «እጄ አጥሮኛል»፣ «ኑሮ ከብዶኛል»፣ «ሥራ ጠፍቶብኛል» የሚልም አለ። «እኔ ጎስቋላ ነኝ» ወይም «አባቴ ሥራ ፈት ነው» ብሎ ከልቡ የሚናገር ግን ከመካከላችን አልተገኘም። እህታችን «ሰውየው ስለ ራሱ የማይለውን እናንተም ስለ እርሱ አትበሉ» አለችን።

ቀጥላ ያሳየችን ነገር በሁለቱ ዓይነት አነጋገሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። «ችግረኛ» እና «የተቸገረ» አንድ ነገር ይመስላሉ። ነገር ግን «በሽተኛ» እና «የታመመ» የሚሉትን አስቡ። «ታሟል» ስንል በልባችን እንደሚድን እናስባለን፤ «በሽተኛ ነው» ስንል ግን ሕመሙ አብሮት የኖረና አብሮት የሚኖር ይመስላል። «ነገረኛ»፣ «እልኸኛ» ስንል እንደምናደርገው ሁሉ «ችግረኛ» ስንልም ችግሩን ጠባዩ እናደርገዋለን። «የተቸገረ» ግን ችግር የደረሰበት ሰው ነው፤ ትናንት አልነበረበትም፣ ነገም ላይኖርበት ይችላል።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ጥሩ መንገድ አለው። «ሥራ ጠፋበት»፣ «ገንዘብ አለቀበት»፣ «ኑሮ ከበደበት»፣ «መሣፈሪያ ጎደለበት» ስንል የጠፋው ሥራው፣ ያለቀው ገንዘቡ፣ የከበደው ኑሮው ነው፤ ሰውየው ነገሩ የደረሰበት እንጂ ነገሩን የሆነ አይደለም። ያ ወንድማችን ቋንቋ ሳያጠና «ሥራ ጠፋበት እንጂ ሥራ ፈት አይደለም» ሲለን ይህንኑ መንገሩ ነበር። «ሥራ ፈት» የሚለው ሥራ እያለ እጁን አጣጥፎ ለተቀመጠ የሚነገር ነቀፋ ነው። ሥራ የሌለውን ሰው የሚያወሱት ቃላት እንዲህ ወቀሳን ቶሎ ያስከትላሉ። «ቦዘኔ» የሚለውማ እስከ ወንጀል ድረስ ሄዷል፤ በ1996 ዓ.ም. ስለ አደገኛ ቦዘኔነት የወጣ አዋጅ እስከ መኖር ደርሷል።

«ሥራ አጥ» ከ«ሥራ ፈት» ይሻላል፤ ነቀፋ የለበትም። ሆኖም ከመዝገብ የወጣ ቃል ስለሆነ በአንድ አባት ላይ ሲነገር ይቀዘቅዛል። «ሥራ ፈላጊ» ደግሞ አክብሮት አለው፤ ሰውየው እየጣረ መሆኑን ይናገራል። ግን በእውነት ለሚፈልግ ብቻ ነው የሚሆነው። ከ17ቱ ተማሪዎች የአንዱ አባት ከታመሙ ዓመታት አልፈዋል፤ እርሳቸውን ሥራ ፈላጊ ማለት ውሸት ነው። የአንዷ እናት ጉልት ይነግዳሉ፤ ከንጋት እስከ ምሽት እየሠሩ ሥራ አጥ ሊባሉ አይችሉም፤ ገቢያቸው ነው የቤቱን ወጪ አልደርስ ያለው። የሌሎቹ ቤተሰቦች ገበሬዎች ናቸው፤ ዝናብ ጠፋባቸው እንጂ ሥራ አልጠፋባቸውም። እኛ ሁሉንም «ድሆችና ሥራ ፈቶች» ብለን በአንድ ጆንያ ከተትናቸው። ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ ለስላሳ ቃል ብንፈልግም ባላገኘን ነበር፤ የየቤቱ ነገር የተለያየ ነውና።

«አቅመ ደካማ» የሚለውን አንዱ አባላችን አቅርቦ ነበር። ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ሰው ሲሰማው የሚታየው በዕድሜ የገፋ ወይም ሕመም የጣለው ሰው ነው። ለ20 ዓመት ወጣት ሲባል ተማሪውም ይስቃል፣ ነጋዴውም ግራ ይጋባል። «ተረጂ» የሚለውም ቀረበ። ይህ ደግሞ ሰውየውን እኛ ባደረግንለት ነገር ይሰይመዋል፤ ገና ምንም ሳንሰጠው ስም አወጣንለት ማለት ነው።

በመካከል አንዱ «የኔ ቢጤ» የሚለውን ቃል አነሳና ሁላችንም ዝም አልን። ቃሉ ሲመረመር እኮ «እንደ እኔው ያለ ሰው» ማለት ነው። በር ላይ የቆመውን ሰው ለማኝ ላለማለት ከዚህ የበለጠ የአክብሮት ቃል ከየት ይመጣል? ዛሬ ግን «የኔ ቢጤ» ሲባል የሚሰማው ለማኝ ብቻ ነው። አክብሮቱ በአጠቃቀም ብዛት አለቀ። ከዚህ የተማርነው፣ ሰውን በስም መሰየም እስካልተውን ድረስ አዲሱም ስም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ አሮጌው እንደሚከብድ ነው። የደረሰበትን ነገር መናገር ግን እንዲህ ቶሎ አያረጅም። «መሣፈሪያ ጎደለበት» የሚለው በአያቶቻችንም ዘመን ማንንም አላሳፈረም።

ይህን ሁሉ ከተረዳን በኋላ የጻፍነው ሁለተኛው ደብዳቤ የከፋ ሆኖ ተገኘ ብንላችሁ ትገረሙ ይሆናል። ሰው እንዳናስከፋ ፈርተን ቃሉን ሁሉ አለሰለስነው። «በልዩ ልዩ የሕይወት ውጣ ውረድ ውስጥ ለሚገኙ ውድ ወገኖቻችን ደግ ልባችሁን እንድትዘረጉ በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚል ነበር። ማንም አልተከፋበትም። በሦስተኛው ቀን ግን በከተማው ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አንድ አባት ደወሉልን። «ልጆቼ፣ ደብዳቤያችሁ ደስ ይላል፤ ግን ለማን ነው? ለታመመ ነው? ለሠርግ ነው? ለመስጂድ ጣሪያ ነው? እኔ ያለኝ የዘካ ገንዘብ ነው። ለማን እንደሚሄድ ሳላውቅ አልሰጥም» አሉን።

አባታችን እውነታቸውን ነው። ሰደቃ ሰፊ ነው፤ ዘካ ግን የሚሰጣቸው ሰዎች ተለይተው በሱረቱ-ተውባ በስምንት ክፍል ተዘርዝረዋል፤ መጀመሪያ የተጠቀሱትም ፉቀራእና መሳኪን ናቸው። ደብዳቤያችን ችግሩን ደብቆ ስለጻፈ፣ ዘካ አውጪው ዘካው በቦታው ይረፍ አይረፍ ሊያውቅ አልቻለም። የተቸገረውን ሰው ክብር እንጠብቃለን ብለን ሐቁ እንዳይደርሰው አደረግን።

ስለዚህ በመስጂዱ ፊቅህ ወደሚያስተምሩን ኡስታዛችን ሄድን። «ቁርኣን ራሱ ፈቂርና ሚስኪን ይላል፤ እኛ ምን ብለን እንጻፍ?» ብለን ጠየቅናቸው። ኡስታዛችን ፈገግ ብለው «እናንተ ምስኪን ስትሉ የምታስቡት ሌላ ነው» አሉና አስረዱን። በአማርኛችን «ምስኪን» ስንል የምናዝንለት፣ ምንም የማያውቅ፣ የዋህ ሰው ይታየናል። በፊቅህ ግን ቃሉ የሚለካ ትርጉም አለው። በሻፊዒዮች ዘንድ ለኑሮው ለምሳሌ 1,000 ብር የሚያስፈልገው ሰው ምንም ከሌለው ወይም 300 ብር ብቻ ካለው ፈቂር ነው፤ 700 ወይም 800 ብር ካለው፣ ግን 1,000 ካልሞላለት፣ ሚስኪን ነው። በሐነፊዮች ዘንድ ደግሞ የባሰበት ሚስኪኑ ነው። ሁለቱም ዘንድ ግን ቃሉ የሚያወራው ስለ ጉድለቱ መጠን እንጂ ስለ ሰውየው ማንነት አይደለም።

ከዚያም የሱረቱል ከህፍን ታሪክ አስታወሱን። ኸድር ከሙሳ (ዐ.ሰ.) ጋር ሲጓዝ መርከቢቱን የቀደደው ንጉሡ እንዳይቀማቸው ብሎ ነበር፤ ባለቤቶቿም በባሕር ላይ የሚሠሩ መሳኪን እንደነበሩ ቁርኣን ይነግረናል። ኡስታዛችን «እስኪ አስቡት፤ መርከብ አላቸው፣ ሥራም አላቸው። ከዚህ ጋር ሚስኪን ተባሉ፤ የሚያገኙት ስለማይበቃቸው» አሉን። ሻፊዒዮች ሚስኪን ማለት ምንም የሌለው ማለት አይደለም ለሚለው አቋማቸው ከሚጠቅሷቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ጉልት የሚነግዱት እናት ወዲያው ትዝ አሉን።

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ሚስኪን ማለት በየሰው በር እየዞረ አንድ ሁለት ጉርሻ ወይም አንድ ሁለት ተምር ይዞ የሚመለሰው እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የሚበቃውን ሳያገኝ፣ ሰውም ሁኔታውን ሳያውቅለት፣ እርሱም ሳይለምን የሚኖረው እንደሆነ አስተምረዋል። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሱረቱል በቀራም ከመለመን በመቆጠባቸው ምክንያት ሁኔታቸውን የማያውቅ ሰው ሀብታም አድርጎ ስለሚገምታቸው ሰዎች ይናገራል። «ጎስቋሎች» ብለን የጻፍነው ስለ እነዚህ ሰዎች ነበር። ጉስቁልና በመልክና በልብስ ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ የዚያ ወንድማችን ሸሚዝ ደግሞ ሁልጊዜ የታጠበና የተተኮሰ ነው። ደብዳቤያችን ነውረኛ ብቻ ሳይሆን ስህተትም ነበር።

ኡስታዛችን አንድ ነገር ጨምረው ነገሩን። ዘካውን የሚሰጠው ሰው ኒያ ማድረግ አለበት፤ የሚቀበለው ሰው ግን «ይህ ዘካ ነው» ተብሎ ሊነገረው ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ሰጪው ሊያውቀው የሚገባውንና ተቀባዩ ሊሰማው የማያስፈልገውን መለየት እንችላለን። ለሰጪው የምንነግረው የሰዎቹን ስያሜ ሳይሆን ሁኔታቸው መመርመሩን ነው።

በዚህ መሠረት ሦስተኛውን ጻፍን። የጎደለውን ነገር፣ የጎደለበትን ምክንያትና መጠኑን በግልጽ አስቀመጥን፤ ሰውን የሚሰይም ቃል ግን «ወንድሞቻችንና እህቶቻችን» እና «ተማሪዎች» ከሚሉት በቀር አላስገባንም። ስማቸውን ያስፋቁትን አምስቱንም ቆጠርናቸው፤ ስማቸው ቢፋቅ ችግራቸው አልተፋቀምና። ሙሉ ቃሉ እነሆ፦

«17 ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የሴሚስተሩን እረፍትና ዒድን ከቤተሰቦቻቸው ጋር ለማሳለፍ መሣፈሪያ ጎድሎባቸዋል። የአንዳንዶቹ ወላጆች ሥራ ቆሞባቸዋል፤ የአንዳንዶቹ ዝናብ ጠፍቶባቸዋል፤ የሌሎቹ ገቢ የቤቱን ወጪ አልደርስ ብሏል። ለአንድ ተማሪ ለደርሶ መልስ መሣፈሪያ በአማካይ 1,400 ብር፣ ለፎቶ ኮፒና ለሳሙና 600 ብር፣ ለሁሉም በድምሩ 34,000 ብር ያስፈልጋል። ዘካ ለምታወጡ፦ የእያንዳንዱ ተማሪ ሁኔታ በኡስታዛችን ታይቶ ዘካ የሚገባው መሆኑ ተረጋግጧል። ስም አንገልጽም፤ ሒሳቡን ግን ለጠየቀን ሁሉ እናሳያለን።»

ከመበተናችን በፊት ለዚያ ወንድማችን እንዲያየው ሰጠነው። መጀመሪያ የጻፍነው «ሥራ አጥተዋል» የሚል ነበር። እስክሪብቶ ተቀብሎ ሰረዘውና «ሥራ ቆሞባቸዋል» ብሎ አረመው። «አባቴ ሥራውን አላጣም። ግንበኝነቱ እጁ ላይ አለ። የቆመው ሕንፃው ነው» አለን። ቃሉን ያገኘልን በመጨረሻ የሚመለከተው ሰው ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አስተካከለልን። እኛ ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ብለን «የግንበኛና የጉልት ነጋዴ ልጆች» የሚል ሐረግ አስገብተን ነበር። «አባቱ ግንበኛ የሆነ ስንት ሰው አለ እዚህ ጀመዓ ውስጥ?» ብሎ ጠየቀን። ቆጠርንና አንድ ብቻ ሆነ። ያለ ስም ስሙን ጠርተነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደንብ አድርገነዋል፦ ምክንያት የምንጽፈው ቢያንስ ሦስት ሰው የሚጋራው ሲሆን ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ያለበት ምክንያት ደብዳቤው ላይ አይወጣም፣ ሰጪ ቢጠይቅ እንኳ።

ለስላሳ አነጋገር ወሰን እንዳለውም አይተናል። የዝግ መዝገባችን ላይ ያለውን እንዳለ እንጽፋለን፤ ኡስታዛችን የሚመረምሩት እርሱን ስለሆነ እዚያ ማለሳለስ ሌላው ተማሪ ላይ በደል ይሆናል። ደግሞም ሁሉን ችግር አላፊ አስመስሎ መናገር አይቻልም። አባታቸው ለታመሙት ተማሪ «ለጊዜው ገቢ ተቋርጦባቸዋል» ብለን ብንጽፍ ደስ ይላል፤ ግን እውነት አይደለም፤ ሰጪውም በሚቀጥለው ዓመት «አልተቋጨም እንዴ?» ይለናል። ለእርሳቸው «ሕመም ከሥራ አውሏቸዋል» ማለት ይበቃል። ሰው ስለ ራሱ «እኛ ድሆች ነን» ሲልም አናርመውም። ስለ ራሱ መናገር የራሱ መብት ነው፤ ያንን ቃል ከአፉ ወስደን ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ግን የእኛ መብት አይደለም።

ከ34,000 ብሩ አብዛኛው ተሰበሰበ። ገንዘቡን ያመጣው የቃሉ መስተካከል ነው ልንል አንችልም፤ ደብዳቤው የወጣው በረመዳን የመጨረሻዎቹ አስር ቀናት ዋዜማ ነው፣ በእነዚያ ቀናት ደግሞ የሰው እጅ ይፈታል። ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱት አባት ግን ዘካቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ፤ ስለ ተማሪዎቹም አንዳች ጥያቄ አልጠየቁንም። ስማቸውን ካስፋቁት አምስት ተማሪዎች ሦስቱ በራሳቸው ጊዜ ተመልሰው ተመዘገቡ።

ያ ወንድማችን አልተመለሰም። ድርሻውን ለይተን እንዳስቀመጥንለት ነግረነው «ለሌላ ስጡት» አለን፤ ሰጠነው። ዒድን ግቢ ውስጥ ከቀሩት ጋር አሳለፈ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ያሳጣውን ሦስተኛው አልመለሰለትም፤ ይህን ስንጽፍ እርሱም እንደሚያነበው እናውቃለንና፣ ዐውፍ እንዲለን በዚሁ አጋጣሚ እንጠይቀዋለን። ለአባቱም አላህ የተሻለ ሥራ እንዲከፍትላቸው ዱዓ እናደርጋለን።

ሦስተኛው ደብዳቤ የታተመ ዕለት ግን ከጁሙዓ በኋላ ወደ ኮሚቴው መጥቶ እንደ ልማዱ 40 ቅጂ ቆጥሮ ወሰደ። ዐስር ላይ ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።